ከቴሌግራም ግሩፕ ወደ ዜና መጽሔት፦ የባልደረባን የእድገት ደስታ ሳያቀዘቅዙ ማስተካከል

ሐምሌ 1 አዲሱ የበጀት ዓመት ይገባል። በብዙ መሥሪያ ቤት የእድገት ደብዳቤ የሚበዛውም በዚሁ ሰሞን ነው። ደብዳቤው ከመዝገብ ቤት ሳይወጣ የቴሌግራም ግሩፑ በእልልታ ይሞላል። ትንሽ ቆይቶ ሥራ አስኪያጁ «ይቺን ለዜና መጽሔቱ አዘጋጇት» ይላሉ። ጣጣው እዚህ ላይ ይጀምራል።

አንዳንዱ አዘጋጅ መልእክቶቹን እንዳሉ ይለጥፋቸዋል። በማግስቱ ሦስት ሰው ይቀየማል። ሌላው ደግሞ ፈርቶ ሁሉንም በደብዳቤ ቋንቋ ይጽፋቸዋል። ሹፌሩም፣ ጥበቃውም፣ ሥራ አስኪያጁም በአንድ አፍ «የተሰማኝን ልባዊ ደስታ እየገለጽኩ» ይላሉ። ማንም አይቀየምም፤ ማንም አያነብም።

ከሁለቱ መሐል ያለውን መንገድ በአንድ ገጽ ላይ ላሳያችሁ። ባሕር ዳር ያለ አንድ የምግብ ሸቀጥ አከፋፋይ እንያዝ። ዱቄት፣ ዘይትና ፓስታ በጭነት መኪና ወደ ወረታ፣ ደብረ ታቦርና ጎንደር ይልካል። የመጋዘን ኃላፊዋ ዘንድሮ የሥርጭት ክፍል ኃላፊ ሆናለች። ስሟን እገሊት እንበላት። ለዜና መጽሔቱ የተሰጠን ቦታ ግማሽ ገጽ ነው። የመጣው መልእክት ግን ስልክ ሙሉ ነው።

1. መጀመሪያ ደብዳቤውን ያዙ

ግሩፑ ላይ አንዱ «ዳይሬክተር ሆነች» ብሏል። ሌላው «ምክትል ሥራ አስኪያጅ» አድርጓታል። ደስታ ማዕረግ ይጨምራል፣ ያለ ነው። ለገጹ የሚያገለግለው ግን ደብዳቤው ላይ ያለው ብቻ ነው። ስለዚህ ከሰው ሀብት ክፍል ጠይቁና አዲሱን የሥራ መደብ በቃሉ ገልብጡ። የሚጀምርበትን ቀንም ጻፉ።

«ተጠባባቂ» የምትል ቃል ካለች በተለይ ልብ በሉ። ግሩፑ እሷን ቃል ማየት አይወድም። ተጠባባቂ የሆነን ሰው «ሆኑ» ብላችሁ ካተማችሁ፣ ከስድስት ወር በኋላ ሌላ ሰው ሲመደብ ያቺ ገጽ የሰውየው ማፈሪያ ትሆናለች።

ስሟን እሷ ራሷ በምትጽፍበት ፊደል ጻፉ። በ«ሠ» የምትጽፍ ሴት በ«ሰ» ስትታተም ዝም ትላለች እንጂ ማየቷ አይቀርም። ወይዘሮ ይሁን ወይዘሪት ደግሞ አይገመትም። ይጠየቃል።

2. ጥሬውን ሰብስቡ፣ ሳትነኩ

መልእክቶቹን አንድ ሰነድ ላይ ከነስህተታቸው ገልብጡ። ከየአንዳንዱ ሥር የላኪውን ስምና ክፍል አስቀምጡ። ወዲያው ማረም አትጀምሩ። አንዱን ብቻ እያያችሁ ካረማችሁ ሁሉም አንድ ዓይነት ሆኖ ይወጣል። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን የማን ድምፅ የማን እንደሆነ ይታያል።

ለእኛ ገጽ የመረጥናቸው አምስቱ እነዚህ ናቸው።

ሹፌሩ፦ «እልልልልል የኔ ጀግና ይገባሻል!!! ርብ ሞልቶ መንገዱን የቆረጠው ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ከእኛ ጋር ያደርሽው አንቺ ነሽ። ሌላው ስልኩን ዘግቶ ተኝቷል። አሁን ገና ቦታው ሰው አገኘ! ሹመት ያዳብር እታለም»

ጫኝና አውራጁ፦ «ወንድ ነሽ!! በርቺልን»

የሒሳብ ክፍል ጓደኛዋ፦ «እንኳን ደስ አለሽ ውዴ። ግብዣው ግን የታለ? ጣና ዳር ዓሣ ሳንበላ አንለቅሽም። ደሞዙን ሰምተናል እኮ»

አዛውንቱ የጥበቃ ሠራተኛ፣ በድምፅ፦ «ልጄ፣ የያዝሽው ይባረክ። እግርሽን ከእንቅፋት፣ ስምሽን ከሐሜት ይጠብቅልሽ»

ሥራ አስኪያጁ፦ «ባሳዩት ከፍተኛ የሥራ አፈጻጸም ለዚህ ኃላፊነት በመብቃትዎ የተሰማኝን ልባዊ ደስታ እየገለጽኩ መጪው የሥራ ዘመን የስኬት እንዲሆንልዎ እመኛለሁ»

ከእነዚህ ሌላ «እንኳን ደስ አለሽ» ብቻ ብለው አበባ ያስከተሉ ብዙ ናቸው። እነሱን አንድ በአንድ ማተም ገጹን የስም ዝርዝር ያደርገዋል። ከታች በአንድ ዐረፍተ ነገር ይሰበሰባሉ። ያም ቢሆን ከየትኛው ክፍል እንደመጡ ይጠቀስ። «ሌሎች ባልደረቦችም» ከማለት «የመጋዘን፣ የሽያጭና የሒሳብ ክፍል ባልደረቦች» ማለት ይሻላል። ሰው ስሙ ባይወጣ ክፍሉ ቢወጣ ይበቃዋል።

3. ሙቀቱ ያለበትን ቦታ አስምሩ

አሁን እስክሪብቶ አንሱና እያንዳንዱ መልእክት ውስጥ የሆነ ነገር ላይ አስምሩ። ሰው ያየው፣ የሰማው፣ አንድ ቀን የተደረገ ነገር። ቅጽል አይደለም። «ጀግና»፣ «ከፍተኛ»፣ «ውዴ» ላይ አታስምሩ።

የሹፌሩ መልእክት ላይ የሚሰመረው ግልጽ ነው። ጎርፍ፣ ሌሊት፣ ስልክ። የጫኝና አውራጁ ላይ ምንም የለም። የጓደኛዋ ላይ ግብዣው አለ። የጥበቃው ምርቃት እንዳለ ይሰመራል። የሥራ አስኪያጁ ላይ አንድም መስመር አይወጣም። መጀመሪያውኑ በወግ ልብስ የመጣው መልእክት እሱ ነው፤ ባዶውም እሱ ነው።

እልልታውና ሦስቱ ቃለ አጋኖ ቢወጡ ሙቀቱ አይቀንስም፤ ያ ሌሊት ቢወጣ ግን ምንም አይተርፍም። ስለዚህ ከዚህ በኋላ የምታደርጉት ማንኛውም እርማት ያሰመራችሁበትን ነገር መንካት የለበትም። ሌላው ሁሉ ድርድር ነው።

የተሰመረው ነገር ግን እውነት መሆኑን አጣሩ። ሹፌሩ «ርብ ሞልቶ» ብሏል። መኪናው ያን ቀን የወረታን ጭነት ሳያደርስ እንደቆመ የጭነት ሰነዱ ላይ አለ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲኬድ መጀመሪያ የሚመጣው የጉማራ ወንዝ ነው። ከዚያ ወረታ፣ ርብ ደግሞ ከወረታ በኋላ። ወረታ ያልደረሰ መኪና ርብ አይዘውም። እንግዲህ ሹፌሩ ጉማራን ማለቱ ነው፣ ወይም ሁለት ክረምት ተቀላቅሎበታል። ደውላችሁ ጠይቁት። ካላስታወሰ «ፎገራ ላይ» በሉና እለፉ። ሁለቱም ወንዞች የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ነው ጣና የሚገቡት። ግሩፕ ላይ ማንም የማያርመውን ስህተት በታተመ ገጽ ላይ የመስመሩ ሹፌር ሁሉ ያርመዋል።

4. አንቺ፣ እርስዎ፣ ወይስ እሳቸው

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው፤ ሰፋ አድርገን እንየው።

ግሩፑ ላይ ከሥራ አስኪያጁ በቀር ሁሉም «አንቺ» ብሏታል። ለድርጅት ገጽ «አንቺ» አይሆንም። ስለዚህ አዘጋጁ ሁሉንም ወደ «እርስዎ» ይቀይራል። ውጤቱ ይኸው፦

«ያን ሌሊት እርስዎ እስኪነጋ ድረስ ከስልክዎ አልተለዩም።»

ስህተት የለበትም። ግን አብሯት የሚሠራ ሹፌር የተናገረው አይመስልም። ፊት ለፊት «እርስዎ» ሲባል በሁለቱ መሐል ጠረጴዛ የገባ ያህል ነው። እኔ የምመርጠው መልእክቱን ማዞር ነው። ሹፌሩ ለእሷ ከመናገር ይልቅ ስለ እሷ ለአንባቢው ይናገር፦

«ያን ሌሊት ወ/ሮ እገሊት እስኪነጋ ድረስ ከስልካቸው አልተለዩም።»

ግሱን አያችሁት? «አልተለዩም» በሁለቱም ያው ነው። የተቀየረው «እርስዎ» ወጥቶ ስሟ መግባቱና «ስልክዎ» «ስልካቸው» መሆኑ ብቻ ነው። ስለ ሰው በአክብሮት ለሌላ ሰው መናገር ለአፋችን የለመደ ነገር ነው። ጎረቤት ስለ ጎረቤት የሚያወራው እንደዚያ ነው። ስለዚህ ወጉም ይጠበቃል፣ ሰውየውም ሰው ሆኖ ይቀራል።

«እንኳን ደስ አለሽ» ግን ሊዞር አይችልም። ለራሷ መባል አለበት። እሱን አንድ ጊዜ ብቻ በድርጅቱ ስም ከታች አስቀምጡት፦ «እንኳን ደስ አለዎት»። በየመልእክቱ መድገም አያስፈልግም።

ከመረጣችሁ በኋላ መቀላቀል የለም። ከሁሉ የሚያስቀው ስህተት ከላይ «እርስዎ» ብሎ ጀምሮ ከታች «ሠርተሻል» ብሎ የሚጨርሰው ነው። ዓይን ደጋግሞ ሲያነበው ስለሚለምደው ያልፈዋል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ይፈልግላችሁ። ሰነዱ ላይ Ctrl+F ተጫኑና መጀመሪያ «ሽ»፣ ቀጥሎ «ሻ» ብላችሁ ፈልጉ። አለሽ፣ ነሽ፣ ትጋትሽ፣ ትጋብዢናለሽ፣ ሠርተሻል፣ ሁሉም ይወጣሉ። ለወንድ ከሆነ «ህ»፣ «ሃ» እና «ሀ» ፈልጉ። በአንድ ትእዛዝ ሁሉንም ለመቀየር ግን እንዳታስቡ። «ሽያጭ ክፍል» «ዎያጭ ክፍል» ሆኖ ይታተማል። አንድ በአንድ በእጅ ነው።

ይህ ፍለጋ የማይዛቸው አሉ። የትእዛዝ ቃላት «ሽ» የላቸውም። በርቺ፣ ቀጥዪ፣ ጋብዢ። እነሱን በዓይን ፈልጉ። ይበርቱ፣ ይቀጥሉ፣ ይጋብዙ ይሆናሉ።

አንድ ሰው ግን ከዚህ ሕግ ይወጣል። አዛውንቱ ጥበቃ። እሳቸው «ልጄ» ብለው ጀምረዋል። በእሳቸው ዕድሜ «አንቺ» ማለት ንቀት አይደለም፤ አባትነት ነው። «ልጄ፣ የያዙት ይባረክ» ብላችሁ ብታርሙት ምርቃቱ ይፈርሳል፣ ሰውም ይስቃል። በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ እንዳለ ይተው። «ሽ» ስትፈልጉ እዚያ ላይ ስትደርሱ እለፉት።

ደግሞ አንድ የቤት ሕግ ይኑራችሁ። ለሥራ አስኪያጅ «ተሹመዋል»፣ ለመጋዘን ሠራተኛ «አድጋለች» የሚል መጽሔት አይቻለሁ። ማን ትልቅ ማን ትንሽ እንደሆነ በግስ ይነግራችኋል። ድርጅቱ በራሱ ድምፅ ሲጽፍ የሃያ አራት ዓመቷም ልጅ «አድገዋል» ትባል። ለመጀመሪያው ቀን ቢከብዳት ነው።

5. ሌላ ሰው የሚነካውን አውጡ

ይህን ገጽ ከእገሊት ቀጥሎ በጣም በጥንቃቄ የሚያነቡት ሁለት ሰዎች አሉ። አንደኛው ቦታውን የለቀቀው የቀድሞ ኃላፊ ነው። ሁለተኛው በውስጥ ማስታወቂያው ተወዳድሮ ያላለፈው። እያንዳንዱን መልእክት በእነሱ ዓይን አንብቡ።

ሹፌሩ «ሌላው ስልኩን ዘግቶ ተኝቷል» ብሏል። ይህ ማንን እንደሆነ መጋዘኑ ሁሉ ያውቃል። ይወጣል። «አሁን ገና ቦታው ሰው አገኘ» የሚለውም ይወጣል፤ በፊት የነበረው ምን ነበር ያሰኛል። ክፋቱ እንዲህ ያለው ነገር ሁልጊዜ በስድብ መልክ አይመጣም። «በመጨረሻ»፣ «ገና አሁን»፣ «ከማንም በላይ»፣ «ብቸኛዋ» የሚሉ ትንንሽ ቃላት ውስጥ ይደበቃል። «በመጨረሻ የሚገባት ሰው ቦታውን ያዘች» ሲባል ጆሮ ላይ ምርቃት ይመስላል። ለቀድሞው ሰው ግን ስንብቱ ነው።

የጫኝና አውራጁ «ወንድ ነሽ» በቀና ልብ የተባለ ነው። ቢሆንም አይታተምም። ሥራዋን ሲያመሰግን ሴትነቷን ቀንሶ ነው። «ሴት ሆና እንኳ» የሚለውም የዚሁ ዘመድ ነው። ታዲያ ከእሱ መልእክት ምን ቀረ? ምንም። አትጣሉት ግን። መጋዘን ውረዱና ጠይቁት፦ «ምን ስታደርግ አይተህ ነው እንዲህ ያልከው?»

መልሱ ገጹ ላይ ካሉት ሁሉ የተሻለው ሊሆን ይችላል። በእኛ ምሳሌ እንዲህ አለ እንበል፦ «ቆጠራ ላይ ወረቀት ይዛ ዳር አትቆምም። ከእኛ ጋር ጆንያ እያነሳች ነው የምትቆጥረው።» በቃ። ግሱን አስተካክላችሁ ውሰዱት፦ «ቆጠራ ላይ ወረቀት ይዘው ዳር አይቆሙም። ከእኛ ጋር ጆንያ እያነሱ ነው የሚቆጥሩት።»

የጓደኛዋ «ደሞዙን ሰምተናል እኮ» ያለ ጥያቄ ይወጣል። ግብዣው ግን ሌላ ነገር ነው። ባሕር ዳር ላይ እድገት አግኝቶ ጣና ዳር ዓሣ ሳያበላ ያለፈ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ቀልዱን ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንንም አይነካም። ችግሩ ታትሞ ሲወጣ ቀልዱ ዕዳ ሊሆን መቻሉ ነው። የሥርጭት ክፍሉ ሠላሳ ሰው ከሆነ ሠላሳው ይጠብቃታል። ስለዚህ እሷን ጠይቁ። ከፈቀደች «የሒሳብ ክፍል ባልደረቦቻቸው ግብዣው ጣና ዳር እንዲሆን ከወዲሁ ወስነዋል» ይባላል። ካልፈቀደች ይቅር።

ሌላም በሁለት ትርጉም የሚያዝ ነገር አለ። ሹፌሩ «ሌሊቱን ሙሉ ከእኛ ጋር ያደርሽው» ብሏል። ግሩፑ ላይ ያለ ሁሉ በስልክ ማለቱ እንደሆነ ያውቃል። ጎንደር ያለ ደንበኛ መጽሔቱን ሲያነብ ግን አያውቅም። ስለ አንዲት ሴትና ስለ ሹፌሮች «አብረው አደሩ» የሚል ነገር አታትሙ። ስልኩ በግልጽ ይግባ።

6. ምርቃትና የፈጣሪ ስም

«ሹመት ያዳብር» ይቆይ። ደብዳቤው «የደረጃ እድገት» ቢልም ሰው የሚመርቀው በዚህ ነው። ድርጅቱ በራሱ አፍ ሲናገር ግን የደብዳቤውን ቃል ይያዝ።

የፈጣሪ ስም ያለበት መልእክት ሲመጣ ደግሞ አሠራሩ ቀላል ነው። ስሙ የተጻፈ ሰው «እግዚአብሔር ይርዳሽ» ካለ ወይም «አላህ ያግዝሽ» ካለ የራሱ ነው፣ በጥቅስ ይታተማል። ስም የሌለው የድርጅቱ ጽሑፍ ግን «መልካም የሥራ ዘመን» ብሎ ያቁም። አንዱን አስቀርታችሁ ሌላውን ካተማችሁ ግን መልስ የላችሁም።

ምርቃት በገጹ ላይ ከሁለት አይብለጥ። ሦስተኛው ላይ ሠርግ ይመስላል።

7. የቀዘቀዘውን ማሞቅ

አሁን ወደ ሥራ አስኪያጁ እንመለስ። የእሳቸውን መልእክት ለእገሊት ሳይሆን ለሌላ ሰው ብትልኩት ያለ ምንም ለውጥ ይሠራል። እንዲህ ያለውን መልእክት በቃላት ልታሞቁት አትችሉም። «ልባዊ» ላይ «እጅግ» ብትጨምሩ ይብሳል። የሚጎድለው መረጃ ነው።

«መልእክትዎን ያሻሽሉ» ብሎ ለአለቃ መጻፍ ከባድ ነው። ጥያቄ መጠየቅ ግን ቀላል ነው። እንዲህ ብላችሁ ላኩላቸው፦

«ጋሼ፣ የወ/ሮ እገሊትን ገጽ እያዘጋጀሁ ነው። ከእርሳቸው ጋር ሲሠሩ ያስተዋሉትን አንድ ነገር በአንድ መስመር ቢነግሩኝ ከመልእክትዎ ጋር አወጣዋለሁ።»

«ጋሼ» የማይባሉ ከሆነ «አቶ እገሌ» በሉ፤ ቤታችሁን እናንተ ታውቃላችሁ። መልሱ ብዙ ጊዜ በስልክ ይመጣል፤ አጭርም ነው። እንዲህ ያለ፦ «ሪፖርት ይዘው ሲመጡ መጀመሪያ የሚነግሩኝ የጎደለውን ነው።» ከዚህ በኋላ የቀድሞውን ረጅም ዐረፍተ ነገር ሙሉ በሙሉ ትታችሁ ይህን ተጠቀሙ። ከፍተኛ አፈጻጸም፣ ቁርጠኝነት፣ ታማኝነት፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ አለ። መባል አያስፈልገውም።

8. ለባለቤቱ መልሱ

የታረመውን እያንዳንዱን መልእክት ስሙ ለሚወጣበት ሰው ላኩ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ግን የሹፌሩን ቃል ግማሹን አውጥታችኋል፣ «አንቺ»ን ወደ «ወ/ሮ» ቀይራችኋል። በስሙ የሚወጣ ስለሆነ የራሱ ነው ማለት አለበት። «ስምህን ይዞ ስለሚወጣ አንዴ እየው፣ ያልከው ይህ ነው?» በቂ ነው። «እኔ እንዲህ አልናገርም» ካለ ስሙት። የትኛው ቃል እንደሆነ ይነግራችኋል። አብዛኛውን ጊዜ እናንተ የጨመራችሁት ቃል ነው።

ለጥበቃው ጽሑፍ አትላኩ። ሄዳችሁ አንብቡላቸው። በድምፅ የላኩትን በጽሑፍ መጠየቅ ደስ አይልም።

ለእገሊት ሙሉውን ገጽ አሳዩ፣ ግን ለምስጋናው አይደለም። መደቡ፣ ቀኑና ስሟ ልክ መሆናቸውን፣ ግብዣው መግባት አለመግባቱን ነው የምትጠየቀው። ሰው የራሱን ምስጋና እንዲያርም ከተጠየቀ በትሕትና ሁሉንም ይሰርዘዋል።

9. ገጹ ተሰብስቦ

ለቅደም ተከተል ብዙ አትጨነቁ። ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ ይሁኑ። ያ የሚጠበቅ ነው፤ ደግሞ አሁን አጭር ስለሆኑ አያስቸግሩም። መጨረሻ ላይ ምርቃቱ። መሐል ላይ ሹፌሩና ጫኙ። የእኛ ገጽ እንዲህ ይወጣል፦

«ወ/ሮ እገሊት የሥርጭት ክፍል ኃላፊ ሆኑ

የመጋዘን ኃላፊ ሆነው ሲሠሩ የቆዩት ወ/ሮ እገሊት ከሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ በደረጃ እድገት የሥርጭት ክፍል ኃላፊ ሆነዋል። አብረዋቸው የሠሩ ባልደረቦች ስለ እሳቸው የሚሉት አላቸው።

"ሪፖርት ይዘው ሲመጡ መጀመሪያ የሚነግሩኝ የጎደለውን ነው።" ሥራ አስኪያጅ

"ፎገራ ላይ ጎርፍ መንገዱን ዘግቶ መኪናችን በቆመበት ሌሊት ወ/ሮ እገሊት እስኪነጋ ድረስ ከስልካቸው አልተለዩም። እኛ ሹፌሮች ይህን አንረሳም። ሹመት ያዳብር።" የጭነት መኪና ሹፌር

"ቆጠራ ላይ ወረቀት ይዘው ዳር አይቆሙም። ከእኛ ጋር ጆንያ እያነሱ ነው የሚቆጥሩት።" ጫኝና አውራጅ

የሒሳብ ክፍል ባልደረቦቻቸው ግብዣው ጣና ዳር እንዲሆን ከወዲሁ ወስነዋል። የመጋዘንና የሽያጭ ክፍል ባልደረቦችም ደስታቸውን ልከዋል።

"ልጄ፣ የያዝሽው ይባረክ። እግርሽን ከእንቅፋት፣ ስምሽን ከሐሜት ይጠብቅልሽ።" የጥበቃ ሠራተኛ

እንኳን ደስ አለዎት። መልካም የሥራ ዘመን።»

በእውነተኛው ገጽ ላይ ከሥራ መደቡ በፊት የእያንዳንዱ ስም ይገባል፣ ከሐምሌ 1 ቀጥሎም ዓመተ ምሕረቱ። «እኛ ሹፌሮች ይህን አንረሳም» የምትለዋን ያመጣናት ከ«ሌሊቱን ሙሉ… አንቺ ነሽ» ነው። ሹፌሩ ያን ሲል ምስጋናው የራሱ ብቻ አልነበረም። «ከእኛ ጋር» ነው ያለው። ለማንኛውም ስናነብለት ይስማማ እንደሆነ የሚጠየቀው በተለይ ይህች ዐረፍተ ነገር ላይ ነው። ካልወደዳት ትውጣ፤ ያለ እሷም መልእክቱ ይቆማል።

ገጹ ከተዘጋ በኋላ የሚመጡ መልእክቶች አይቀሩም። ለእነሱ ብላችሁ ገጹን እንደገና አትክፈቱ፤ ለሚቀጥለው እትምም አታሳድሯቸው፣ ይሻግታሉ። እንዳሉ፣ ከነእልልታቸው፣ ለእገሊት በስልኳ ላኩላት።